ውህደት ለምን ይከሽፋል? የዳይምለርና የክራይስለር ጉዳይ በሰባቱ ኤስ ሞዴል ሲመረመር



የሁለት ኩባንያዎች ውህደት ለምን እንደከሸፈ ስንጠየቅ አብዛኞቻችን ፈጥነን የምንሰጠው መልስ «የባህል ግጭት ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪም በሽተኛውን ካየ በኋላ «ታመሃል» እንደማለት ነው። የትኛው አካል እንደታመመ፣ ሕመሙም ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደተዛመተ አይነግረንም። ዛሬ የሰባቱ ኤስ ሞዴል ከዚህ የተሻለ መልስ እንድንሰጥ እንዴት እንደሚረዳን በአንድ ጉዳይ ላይ አሳያችኋለሁ።

ሞዴሉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማኪንዚ በተባለው የአማካሪ ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ቶም ፒተርስና ሮበርት ዋተርማን ከሌሎች ምሁራን ጋር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ያዳበሩት ነው። ሰባቱ ክፍሎች ስትራቴጂ፣ መዋቅር፣ የአሠራር ሥርዓት፣ የጋራ እሴት፣ የአመራር ዘይቤ፣ የሰው ኃይልና ክህሎት ናቸው። ስማቸው በእንግሊዝኛ ኤስ በተባለው ፊደል ስለሚጀምር ሞዴሉ በዚያ ተጠራ። የሐሳቡ እምብርት ግን በክፍሎቹ መካከል በተዘረጉት መስመሮች ላይ ነው፤ አንዱ ሲነካ ሌሎቹም ይነካሉና።

የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማየው ስሕተት እነዚህን መስመሮች መርሳት ነው። ተማሪው ሰባት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ይሠራል፤ በአንዱ ዐምድ የመጀመሪያውን ኩባንያ፣ በሌላው ሁለተኛውን ይገልጻል፤ ልዩነቶቹን ቆጥሮ «ስለዚህ ከሸፈ» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ልዩነት በራሱ በሽታ አይደለም። በአንድ ባለቤት ሥር እየተዳደሩ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ኩባንያዎች በሰላም ሲኖሩ እናያለን። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ የውህደቱ ስትራቴጂ በየትኛው ክፍል ላይ አንድ መሆንን ይጠይቃል? በዚያ ክፍል ላይ ያለው ልዩነት ብቻ ነው ገዳይ የሚሆነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንሂድ። በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝና የአሜሪካው ክራይስለር እንደሚዋሐዱ አስታወቁ። ዋጋው 36 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ፤ ስምምነቱም «የእኩሎች ውህደት» ተባለ። የጀርመኑ ዩርገን ሽሬምፕና የአሜሪካው ሮበርት ኢተን በጋራ ሊቀመንበርነት ተሾሙ። በ2000 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው ሩብ ዓመት ክራይስለር ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ በቀጣዩ ጥር 26,000 የሥራ ቦታዎች እንደሚቀነሱ ተነገረ። በ2007 ደግሞ ዳይምለር ከክራይስለር ውስጥ 80.1 በመቶውን ሰርበረስ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ለመሸጥ ተስማማ፤ የተጠቀሰው ዋጋ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ምርመራችንን ከስትራቴጂው እንጀምር። ሁለቱ ኩባንያዎች ከውህደቱ የጠበቁት ጥቅም በግዢ፣ በምርምርና በመኪና ክፍሎች በመተባበር ወጪ መቆጠብን ያካትት ነበር። እንግዲህ ስትራቴጂው አንድነትን የጠየቀው የመኪና ንድፍና የግዢ ሥርዓት በሚገናኙበት ቦታ ነው። ወደዚያ ቦታ ስንመለከት የጋራ እሴት የሚባለውን ክፍል እናገኛለን። የመርሴዲስ መሐንዲሶችና ሥራ አስኪያጆች የሥራቸውን ክብር የሚያዩት መኪናቸው ከማንም ጋር የማይመሳሰል በመሆኑ ላይ ነበር። ክፍሎቹን ርካሽ ለሆነ መኪና ማካፈል ስሙን ማርከስ መስሎ ይታያቸው ነበር። ይህ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ የመርሴዲስ ዋጋ የሚያርፈው በስሙ ላይ ነውና። ስትራቴጂው «አካፍሉ» ሲል እሴቱ «አታካፍሉ» አለ። መካፈሉ ሲጀመርም ዘግይቶ ነበር፤ በ2003 ለገበያ የቀረበው የክራይስለር ክሮስፋየር የተሠራው በ1996 በወጣው የመርሴዲስ ኤስኤልኬ መሠረት ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ክህሎትንና የአሠራር ሥርዓትን አያይዘን እንይ። ክራይስለር በ1990ዎቹ ትርፋማ የሆነበት ምሥጢር መሐንዲሱን፣ ገዢውንና የፋብሪካውን ሰው በአንድ ቡድን አስቀምጦ መኪና በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ መንደፉ ነበር። አቅራቢዎቹም ወጪ የሚቀንስ ሐሳብ ሲያመጡ ከቁጠባው ይካፈሉ ነበር። ይህ ክህሎት በማሽን ውስጥ የሚገኝ አይደለም፤ ለዓመታት በተገነባ መተማመን ላይ የቆመ ነው። ኪሳራው ከመጣ በኋላ ግን አዲሱ አመራር አቅራቢዎች ከ2001 መጀመሪያ አንሥቶ ዋጋቸውን በ5 በመቶ እንዲቀንሱ ጠየቀ። ጥያቄው ለአጭር ጊዜ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል፤ ሐሳብ ይዞ ይመጣ የነበረውን አቅራቢ ግን ወደ ተራ ተደራዳሪነት ይገፋዋል።

መዋቅርና የአመራር ዘይቤም እንዲሁ ተጣረሱ። በወረቀት ላይ ሁለት ሊቀመናብርትና ሁለት ዋና መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ በሽቱትጋርት፣ ሌላው በኦበርን ሂልስ። በተግባር ግን ውሳኔው ወደ ሽቱትጋርት አዘነበለ። የክራይስለር ፕሬዚዳንት ቶማስ ስታልካምፕ በ1999፣ ኢተን በ2000 ለቀቁ፤ ጄምስ ሆልደንም በዚያው ዓመት ተሰናበቱ። በጥቅምት 2000 ሽሬምፕ ለጋዜጣ በሰጡት ቃል፣ ክራይስለር የኩባንያው አንድ ክፍል እንዲሆን ከመጀመሪያው ይፈልጉ እንደነበር ገለጹ። ይህ ንግግር «እኩልነት» የሚለውን መዋቅር የጋራ እምነት ይዞት እንዳልቆመ በአደባባይ አረጋገጠ። የሰው ኃይሉ መሸሽ የዚህ መጣረስ ውጤት ነው፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ደግሞ ክህሎቱ አብሮ ሄደ።

እንግዲህ ምርመራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላጠቃልል፦ ስትራቴጂው መካፈልን ሲጠይቅ እሴቱ ከለከለ፤ መዋቅሩ እኩልነትን ሲያውጅ ዘይቤው የበላይነትን አሳየ፤ ከሁለቱ መጣረሶች የተነሣ ሰዎችና ክህሎት ፈሰሱ፤ ኪሳራው ሲመጣም በችኮላ የተተከለው ሥርዓት የቀረውን ክህሎት አዳከመ። «የባህል ግጭት» የሚለው መልስ ይህን ቅደም ተከተል አያሳይም። የት ላይ ጣልቃ መግባት ይቻል እንደነበረም አያመለክትም። በእኔ እይታ ቦታው ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ነበር፤ የትኞቹ ክፍሎች እንደሚጋሩ ከመርሴዲስ መሐንዲሶች ጋር በስም ተዘርዝሮ መወሰን ነበረበት። ይህ ካልተቻለ ደግሞ የሚጠበቀውን ቁጠባ ከስሌት ማውጣት ይገባ ነበር።

የሞዴሉን ወሰን ሳልናገር ግን አልጨርስም። ሰባቱ ክፍሎች ሁሉም የሚመለከቱት ወደ ውስጥ ነው። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ገበያ የዋጋ ቅናሽ ፉክክር መጠንከሩን፣ የክራይስለር አነስተኛ ቫኖችም ብርቱ ተፎካካሪዎች እንደመጡባቸው ሠንጠረዡ አያሳይም። ስለዚህ ከኪሳራው ምን ያህሉ የመጣረስ፣ ምን ያህሉ የገበያ እንደሆነ በዚህ ሞዴል ብቻ መለየት አይቻልም። ሌላው አደጋ ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ መክሸፉን የምናውቅ ሰዎች በየረድፉ ምክንያት ማግኘት አያቅተንም።

ለዚህ ያለኝ ማርከሻ ቀላል ነው። ሠንጠረዡን ውህደቱ በታወጀበት ቀን በነበረው መረጃ ብቻ ሙሉ። ለእያንዳንዱ ልዩነት «ስትራቴጂው እዚህ ላይ አንድነትን ይጠይቃልን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አይጠይቅም» ከሆነ ልዩነቱን ተዉት። «ይጠይቃል» ከሆነ መጣረሱ በስድስት ወር ውስጥ የትኛውን ሌላ ክፍል እንደሚነካ ጻፉና ጊዜው ሲደርስ አረጋግጡ። ተንብያችሁ የተሳሳታችሁበት ሠንጠረዥ፣ ከክስረት በኋላ ተሞልቶ በሁሉም ትክክል ከሆነው ይልቅ ብዙ ያስተምራችኋል።