ከዶላሩ በፊት ደረሰኙን ቁጠሩ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት እናስብ። ደንበኛው በካርድ ሲከፍል ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ባለቤቷ ባንክ አይገባም። መሐል ላይ ፕሮሰሰር የሚባለው ድርጅት አለ። የቀኑን ሽያጭ ይሰበስባል፣ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ ደንበኛ ካርዱን ባወጣለት ባንክ በኩል የተከራከረበትን ሒሳብ ይቀንሳል፣ የቀረውን ያስገባል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚዘረዝር ስቴትመንት ይልካል። ብዙ ባለቤቶች የፊተኛውን ገጽ ድምር አይተው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። እዚያ ወረቀት ውስጥ ተሸሽጎ የሚቀረው ገንዘብ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሠሩ ሰዎች ገንዘብ ነው። ስለዚህ አነባበቡን በዚህች ምግብ ቤት ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው።

ለማመሳከር ሦስት ወረቀት ያስፈልጋል፦ የሽያጭ ማሽኑ በየማታው የሚያወጣው የመዝጊያ ሪፖርት፣ የፕሮሰሰሩ ስቴትመንትና የባንክ ሒሳብ ዝርዝር። ስህተቱ የሚመጣው አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ስለሚያስተያይ ነው። ባንክ የገባው ገንዘብ ኮሚሽንና ሌላ ተቀናሽ የወጣለት ሊሆን ይችላል፤ የዓርብ፣ የቅዳሜና የእሑድ ሽያጭም ተደምሮ በአንድ ቀን ሊገባ ይችላል። ከሽያጩ ጋር አልገጠመም ማለት ጎድሏል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የመዝጊያውን ሪፖርት ከስቴትመንቱ ጋር፣ ቀጥሎ ስቴትመንቱን ከባንኩ ጋር ማስተያየት ነው መንገዱ።

ሲያስተያዩም ከገንዘቡ በፊት የሽያጩን ብዛት ማየት ይገባል። ለምን እንደሆነ ሁለት ቀን ወስደን እንይ። ቅዳሜ ማታ የመዝጊያው ሪፖርት 61 የካርድ ሽያጭ፣ በድምሩ 3,412 ዶላር ይላል። ስቴትመንቱ የዚያኑ ቀን ባች፣ ማለትም ማታ ተጠቃሎ የተላከውን የሽያጭ ጥቅል፣ 61 ሽያጭ፣ 3,294 ዶላር ብሎ መዝግቦታል። ብዛቱ እኩል ነው፤ የጎደለው 118 ዶላር ነው። ይህ የጠፋ ሽያጭ ሳይሆን የጠፋ ቲፕ ነው። በአሜሪካ ምግብ ቤት ካርዱ በመጀመሪያ የሚሞከረው በምግቡ ዋጋ ነው፤ ደንበኛው ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ቲፕ አስተናጋጁ በኋላ ማሽኑ ላይ ያስገባዋል። በዚያ ቅዳሜ የጥቂት ጠረጴዛዎች ቲፕ ሽያጭ ማሽኑ ላይ ቢመዘገብም ወደ ካርድ ማሽኑ ሳይተላለፍ ባቹ ተዘግቷል። ከተዘጋ በኋላ በዚያው ሽያጭ ላይ መጨመር አይቻልም። ቲፑ ለአስተናጋጆቹ በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ ከሆነ 118ቱ ዶላር ከባለቤቷ ኪስ ወጥቷል።

እሑድ ሌላ ታሪክ ነው። ሪፖርቱ 48 ሽያጭ፣ 2,655 ዶላር ይላል፤ ስቴትመንቱ 39 ሽያጭ፣ 2,190 ዶላር። አሁን ብዛቱም ጎድሏል፤ ዘጠኝ ደረሰኝ፣ 465 ዶላር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚፈለገው የዘጠኙ ሰዓት ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሆኑ የኢንተርኔት መቋረጥ ነው ማለት ይቻላል። ማሽኑ መስመር ሲያጣ ካርዱን ተቀብሎ ያስቀምጥና መስመሩ ሲመለስ ይልከዋል። እንደተባለውም የሰኞው ባች ከሰኞው ሪፖርት በሰባት ሽያጭ፣ በ371 ዶላር በልጦ ይገኛል። የቀሩት ሁለቱ፣ 94 ዶላር፣ ሲላኩ ባንኩ አልፈቀደላቸውም፤ ደንበኞቹም በልተው ከሄዱ ቆይተዋል። ዘጠኙ በአንድ ማሽን ላይ የተሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ግን የዚያ ማሽን ባች እንዳልተዘጋ እንጠረጥር ነበር። ይህንን ቶሎ ማወቅ ይጠቅማል፤ ያልተላከ ሽያጭ ፈቃዱ በቀናት ውስጥ ይረግፋል፣ ዘግይቶ የተላከም ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ ኮሚሽን ይቆረጥበታል።

ስቴትመንቱና ባንኩ ሲተያዩ ደግሞ የሚወጣው ቻርጅባክ ነው። ደንበኛው «ይህን አልገዛሁም» ወይም «ያዘዝኩት አልደረሰኝም» ሲል ባንኩ ገንዘቡን ከነጋዴው ያስመልስለታል። በብዙ ዓይነት ክርክር ቪዛና ማስተርካርድ ለደንበኛው እስከ 120 ቀን ስለሚሰጡ፣ በመስከረም የተቀነሰው የሰኔ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። በመስከረም ሽያጭ ውስጥ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥርና ባለ 23 አሃዙን የማመሳከሪያ ቁጥር ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል።

ባለቤታችን ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። በስልክ ታዝዞ ለድግስ የተላከ የ184 ዶላር ምግብ ተከራክረውበት፣ ከ25 ዶላር መቀጫ ጋር 209 ዶላር ተቀነሰባት። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ለዚህ ደንበኛ ገንዘቡን ራሷ ቀድማ መልሳለታለች ወይ? ከመለሰችለት ሁለት ጊዜ እየከፈለች ስለሆነ የተመላሹ ደረሰኝ ብቻ ክርክሩን ሊዘጋው ይችላል። ሁለተኛው፣ ምግቡን የተቀበለ ሰው ፊርማ ወይም የስልክ መልእክት አለ ወይ? መልሱ በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ አንድ ቀን ቢያልፍ ማስረጃው ሁሉ ዋጋ ያጣል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክርክሩን ካሸነፈች 184ቱ ዶላር በሚቀጥለው ወር ስቴትመንት ላይ ተመልሶ መታየት አለበት። «አሸንፈሻል» የሚለው ደብዳቤ ገንዘብ አይደለም። የ25 ዶላሩ መቀጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

በስልክ የታዘዘ ካርድ ሁልጊዜ ለነጋዴው አደገኛ ነው። ካርዱ በአካል ቀርቦ ከሆነ ዋናው ነገር ቺፑ መነበቡ ነው፤ በአሜሪካ ከጥቅምት 2015 ወዲህ ባለቺፑን ካርድ በመግነጢሱ ብቻ የሚያነብ ነጋዴ፣ ካርዱ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ ኪሳራውን ይሸከማል።

ኮሚሽኑን ለመመርመር ውሉ መውጣት አለበት። ኮሚሽኑ ሦስት ድርሻ አለው፦ ካርዱን ላወጣው ባንክ የሚሄደው፣ ለቪዛና ለማስተርካርድ የሚሄደው፣ ለፕሮሰሰሩ ራሱ የሚቀረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደ ካርዱ ዓይነት ስለሚለያዩ በእጅ አስልቶ መድረስ ያስቸግራል። የፕሮሰሰሩ ድርሻ ግን ለብቻው ተጽፎ በሚመጣበት ውል፣ የወረቀትና የእርሳስ ሥራ ነው። የባለቤታችን ውል 0.30 በመቶና በየሽያጩ 10 ሳንቲም ይላል። በወሩ 1,050 ሽያጭ፣ 42,000 ዶላር ሠርታለች። የመቶኛው 126 ዶላር፣ የሳንቲሙ 105 ዶላር፣ በድምሩ 231 ዶላር ሊቆረጥባት ይገባል። ስቴትመንቱ 294 ይላል። ትርፉ 63 ዶላር ለ42,000 ሲካፈል 0.15 በመቶ ይመጣል፤ የሳንቲሙ ክፍል ካልተነካ መቶኛው ወደ 0.45 ከፍ ብሏል ማለት ነው። ፕሮሰሰሮች የዋጋ ጭማሪን ብዙ ጊዜ የሚያሳውቁት በስቴትመንቱ የመጨረሻ ገጽ በደቃቁ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት የመጨረሻ ገጾች ማንበብ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ማስታወቂያው ከተገኘ ጉዳዩ ድርድር ነው። ካልተገኘ ግን ስህተት ነውና ተመላሽ ይጠየቅበታል።

ጥያቄውን በስልክ ጀምሮ በስልክ መጨረስ አይበጅም። የነጋዴ መለያ ቁጥሩን፣ ወሩን፣ የውሉን ገጽና ከላይ ያለውን ስሌት በጽሑፍ መላክ ነው። ብዙ ውሎች ለእንዲህ ያለ አቤቱታ የቀን ገደብ ስላላቸው ስቴትመንቱ በመጣበት ሳምንት መመርመር ያስፈልጋል። ተመላሹ ሲፈቀድም ስሙ ተጽፎ ለብቻው በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ እንዲወጣ ይጠየቅ፤ ከዕለቱ ሽያጭ ጋር ተቀላቅሎ ከገባ የዚያ ቀን ባች እንደገና አይገጥምም።