ሽምብራን ዘፍዝፎ ማሳደር የማብሰያ ጊዜን ለምን ያሳጥራል?

ለንፍሮ የተዘጋጀ ደረቅ ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ምክንያቱ የእሳቱ ማነስ ሳይሆን የፍሬው ድርቀት ነው።

ሽምብራ የሚለሰልሰው በውስጡ ያለው ስታርች ውኃ ይዞ ሲሞቅ ነው። ውኃው ግን ጠንካራውን ቅርፊት አልፎ እስከ ፍሬው መሀል ለመዝለቅ ሰዓታት ይፈልጋል። ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ ሲጣድ ይህ ሥራ እሳት ላይ ይከናወናል፤ የተዘፈዘፈው ግን ሌሊቱን ያለ ማገዶ ይጨርሰዋል።

አንድ ኩባያ ሽምብራ በሦስት ኩባያ ውኃ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቢዘፈዘፍ ክብደቱ እጥፍ ያህል ይሆናል። በተለመደው ድስት ሲቀቀልም ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይበስላል። ያልተዘፈዘፈው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። ውኃ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚፈላባቸው ደጋማ አካባቢዎች ሁለቱም ከዚህ በላይ ይቆያሉ።

በሙቀትና በእርጥበት ለረጅም ጊዜ የተከማቸ ሽምብራ ግን ተዘፍዝፎም ቶሎ ላይበስል ይችላል።

ሽምብራው በደንብ መራሱን ለማወቅ አንድ ፍሬ ለሁለት ከፍሎ ማየት ይበቃል። መሀሉ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ከመጣዱ በፊት ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል።