ስሌቱ 7.2፣ ሜትሩ 6.86

አንድ ሊትር የፎስፌት ባፈር እንሥራ። 3.39 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 3.53 ግራም ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት፣ ሁለቱም ደረቅ፣ በተጣራ ውሃ ይሟሟሉ። የአሲዱና የቤዙ መጠን እኩል ስለሆነ የመማሪያ መጽሐፉ ቀመር ፒኤቹ 7.2 ነው ይላል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ ግን 6.86 ይሆናል። ጥፋቱ የሜትሩ እንዳይመስላችሁ፤ ሜትሮች ራሳቸው የሚስተካከሉት በዚሁ ውህድ ነው።

ቀመሩ አዮኖቹን እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ይቆጥራቸዋል። በውሃው ውስጥ ግን ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከመውን ፎስፌት ሶዲየምና ፖታሲየም ይከቡታል፤ መከበቡም ያረጋጋዋል። ስለዚህ አሲዱ ሃይድሮጅኑን ይበልጥ በቀላሉ ይለቃል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ባፈሩን በእኩል ውሃ ብናቀጥነው አዮኖቹ ስለሚራራቁ ፒኤቹ በ0.08 ገደማ ከፍ ይላል።

7.2 የሚፈልግ ሰው ታዲያ ጨዎቹን በ800 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያሟሟል፤ ሜትሩን እያየ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ያደርጋል፤ ከዚያ አንድ ሊትር ይሞላና ደግሞ ይለካል። ትሪስ በተባለው ባፈር ከሆነ ሙቀቱም ይጠበቅ፦ በ25 ዲግሪ 8.0 የነበረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ወደ 8.6 ይጠጋል።