የኢታይል አሴቴት የፕሮቶን ኤን ኤም አር ስፔክትረም

የኢታይል አሴቴት የፕሮቶን ኤን ኤም አር ስፔክትረም የዚህ ኤስተር ሃይድሮጂኖች በጠንካራ ማግኔት ውስጥ ሆነው የሚሰጡትን ሲግናል የሚያሳይ ግራፍ ነው። ሞለኪዩሉ CH3COOCH2CH3 ሲሆን ስምንት ሃይድሮጂኖች አሉት። ስፔክትረሙ ላይ የሚታዩት ሲግናሎች ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም በአንድ ዓይነት አካባቢ ያሉ ሃይድሮጂኖች አንድ ላይ ይታያሉ። ናሙናው ሃይድሮጂኑ በዲዩቴሪየም በተተካ ክሎሮፎርም ውስጥ ሲሟሟ ሲግናሎቹ እንደሚከተለው ይነበባሉ።

| ቦታ (ፒፒኤም) | ኢንተግራል | ቅርጽ | ክፍል |
|---|---|---|---|
| 4.12 | 2 | አራት መስመር | OCH2 |
| 2.05 | 3 | ነጠላ መስመር | CH3CO |
| 1.26 | 3 | ሦስት መስመር | የኢታይሉ CH3 |

## ኢንተግራል

ኢንተግራል ከአንድ ሲግናል ሥር ያለው ስፋት ነው። መሣሪያው ሃይድሮጂኖችን አይቆጥርም፤ የሚሰጠው ሲግናሎቹ እርስ በርስ ያላቸውን ንጽጽር ብቻ ነው። ለምሳሌ ከግራ ወደ ቀኝ 41.2፣ 62.1 እና 61.5 ተነበበ እንበል። ሁሉም ለትንሹ ሲካፈሉ 1፣ 1.51 እና 1.49 ይገኛል። ሃይድሮጂን በግማሽ ስለማይቆጠር 1.5ን ወደ 1 ወይም ወደ 2 ማጠጋጋት ስሕተት ነው። ሁሉንም በሁለት ማባዛት 2፣ 3 እና 3 ይሰጣል። ድምሩ 8 መሆኑ ከ C4H8O2 ቀመር ጋር ይስማማል።

## የመስመሮች መሰንጠቅ

እያንዳንዱ ፕሮቶን እንደ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ከትልቁ ማግኔት አቅጣጫ ጋር ወይም በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። በዚህም በአጠገቡ ባለው ካርቦን ላይ ያሉት ሃይድሮጂኖች የሚያገኙትን የማግኔት ኃይል በጥቂቱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

የኢታይሉ CH3 ጎረቤት CH2 ነው። ሁለቱ ፕሮቶኖች አብረው ወደ አንድ ወገን፣ አብረው ወደ ሌላው ወገን፣ ወይም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጨረሻው በሁለት መንገድ ስለሚሆን ቁመታቸው 1:2:1 የሆነ ሦስት መስመሮች ይታያሉ። በተመሳሳይ ሁኔታ CH2 ሦስት ጎረቤቶች ስላሉት 1:3:3:1 ቁመት ያላቸው አራት መስመሮች ይኖሩታል። በአጭሩ የመስመሮቹ ቁጥር ከጎረቤት ሃይድሮጂኖች ቁጥር በአንድ ይበልጣል። የCH3CO ክፍል ግን አጠገቡ ያለው ካርቦን ምንም ሃይድሮጂን ስለሌለው አይሰነጠቅም።

ሁለት ሲግናሎች እርስ በርስ መሰነጣጠቃቸው በመስመሮቹ መካከል ባለው ርቀት ይታወቃል። እዚህ ርቀቱ በሁለቱም በኩል 7.1 ሄርትዝ ገደማ ነው። በ400 ሜጋሄርትዝ መሣሪያ ላይ ይህ 0.018 ፒፒኤም ያህል ነው። መሣሪያው ሲቀየር በፒፒኤም ያለው ርቀት ይለወጣል፤ በሄርትዝ ያለው ግን አይለወጥም።

## ከሜታይል ፕሮፓኖዌት መለየት

ኢንተግራልና መሰንጠቅ ብቻቸውን በቂ አይደሉም። ሜታይል ፕሮፓኖዌት፣ CH3CH2COOCH3፣ ያው C4H8O2 ሲሆን እርሱም ባለ 2 አራት መስመር፣ ባለ 3 ነጠላ መስመር እና ባለ 3 ሦስት መስመር ይሰጣል። የሚለያቸው ቦታው ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ ከእርሱ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ካርቦን ሃይድሮጂኖች ወደ ግራ ይገፋሉ። በኢታይል አሴቴት 4.12 ላይ የሚገኘው አራት መስመሩ ነው። በሜታይል ፕሮፓኖዌት ግን አራት መስመሩ 2.3 አካባቢ ይቀራል፤ ወደ ግራ ተገፍቶ 3.67 ላይ የሚቆመው ነጠላ መስመሩ ነው።

## ኢንተግራሉ ሳይስማማ ሲቀር

ኤስተሩ ከአሴቲክ አሲድና ከኢታኖል ሲሠራ ኢታኖል ሊቀር ይችላል። የኢታኖል CH3 ሦስት መስመር 1.25 አካባቢ ስለሚወድቅ በኤስተሩ ሲግናል ይሸፈናል። የሚያጋልጠው ኢንተግራሉ ነው። የ4.12ቱ ሲግናል 2.00 ተብሎ ሲለካ የ2.05ቱ 3.00፣ የ1.26ቱ ግን 3.60 ቢሆን፣ 0.60 ትርፍ አለ። የኢታኖል CH2 3.72 ላይ 0.40 ሆኖ ከተገኘ ሂሳቡ ይገጥማል፤ 0.40 ለሁለት ሃይድሮጂን፣ 0.60 ለሦስት ሲካፈል ሁለቱም 0.20 ይሆናሉ። ይህም ለአምስት የኤስተር ሞለኪዩሎች አንድ የኢታኖል ሞለኪዩል አለ ማለት ነው። 7.26 ላይ የሚታየው ትንሽ መስመር ግን ዲዩቴሪየም ያልገባበት የክሎሮፎርም ቅሪት ስለሆነ አይቆጠርም።

ልዩነቱ ከአለካኩም ሊመጣ ይችላል። የሬዲዮ ምቱ ቶሎ ቶሎ ከተደጋገመ ቀስ ብለው ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው የሚመለሱ ፕሮቶኖች ከቁጥራቸው ያነሰ ኢንተግራል ይሰጣሉ። በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ረዝሞ ሲለካ ንጽጽሩ ከተስተካከለ ችግሩ የአለካኩ ነበር፤ ካልተለወጠ ግን በናሙናው ውስጥ ሌላ ነገር መኖሩ ይጠረጠራል።