ማክሰኞ ማታ የተረፈው ታፋ

«ይድረስ ለጋሼ፤ ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሥጋ ቤትዎ 2 ኪሎ ታፋ ከነአጥንቱ ገዝቼ ነበር። ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደርሼ ፌስታሉን ፈታሁት። ላዩ ደህና ነው፤ ቀለሙም አልተለወጠም። ከአጥንቱ ስለየው ግን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ሆምጠጥ ያለ ሽታ ሸተተኝ። ባለቤቴንም ጠርቼ አስሸተትኩት፤ እሱም እንደኔ አለ። ልጆች እንዳይነኩት ለብቻው ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ደረሰኙም አለኝ። ለዓመታት ከእርስዎ ስገዛ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ለሌላ ሰው ከመናገሬ በፊት ለእርስዎ መጻፍ መረጥኩ። ገንዘቤ ወይም ምትኩ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን ይህ ሥጋ መቼ እንደታረደ እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ። ደንበኛዎ።»

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ቀራንዮ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ሥጋ ቤት ባለቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስለተበላሸ ሥጋ የሚነሳው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ በስልክ ጭቅጭቅ ወይም ዳግም ላለመምጣት በመማል ያበቃል። ሥጋው ይጣላል፤ ገዢው «አጭበረበሩኝ» ይላል፤ ሻጩ «ቤትሽ ወስደሽ አበላሽተሽው ነው» ይላል፤ ማን እውነቱን እንደተናገረ የሚያውቅ የለም። ይህች ደንበኛ ግን የገዛችበትን ሰዓት፣ የፈታችበትን ሰዓት፣ ሽታው የነበረበትን ቦታና ላዩ ደህና መሆኑን ለይታ ጻፈች። ጥፋቱ የት እንደተፈጠረ ለማወቅ የሚያስፈልገው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ሥጋው ከየት እንደሚነሳ እንይ። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት በ1949 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ቄራ ሰፈርም ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም ለየብቻ የሚያርዱበት ክፍል አለው። ከብቱ ከመታረዱ በፊት በቁሙ ይመረመራል፤ ከታረደ በኋላም ሥጋውና የሆድ ዕቃው በእንስሳት ሐኪም ታይቶ ጤነኛው ማኅተም ይመታበታል። እርዱ የሌሊት ሥራ ስለሆነ፣ ጠዋት ሥጋ ቤቱ ሲከፈት ሥጋው ተሰቅሎ ይጠብቃል። ማኅተሙ ከብቱ በታረደበት ሌሊት ጤነኛ እንደነበረ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ሥጋው ስንት ሰዓት የት እንደቆየ የሚመሰክር ግን ምንም የለም። የደብዳቤው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው።

የታረደ ከብት ሥጋ 38 ወይም 39 ዲግሪ ሙቀት ይዞ ነው ሜንጦ ላይ የሚወጣው። ጡንቻው ውስጥ የተከማቸው ስኳር ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ይለወጥና፣ የአሲድ መጠን መለኪያው ከ7 አካባቢ ተነስቶ በአንድ ቀን ገደማ ወደ 5.5 ይወርዳል። ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ አሲዱ ባክቴሪያን ያዘገያል፤ መጥፎ ሽታም አያመጣም። ከብቱ ረጅም መንገድ ተነድቶ፣ ተርቦና ደንግጦ ከታረደ ግን ስኳሩ አስቀድሞ ያልቃል። ሥጋው የሚገባውን አሲድ ሳያገኝ ይቀራል፤ ይጠቁራል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ከሌላው ቀድሞም ይሸታል። ደንበኛዋ ቀለሙ እንዳልተለወጠ ስለጻፈች ምክንያቱ ይህ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ላዩን የሚያበላሸው ከቆዳ፣ ከቢላዋ፣ ከመክተፊያ ግንድና ከመወልወያ ጨርቅ የሚመጣ ባክቴሪያ ነው። የተሰቀለ ሥጋ ነፋስ ሲያገኘው ላዩ ይደርቃል፤ የደረቀ ገጽ ላይ ባክቴሪያ እንደልቡ አይራባም። ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የሌሊቱ ብርድም ያግዛል። ያለ ማቀዝቀዣ የኖረው የሥጋ ቤት ልማዳችን ለዕለቱ ያረዱትን ለዕለቱ ለመሸጥ በቂ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋው ፌስታል ውስጥ ሲገባ ግን ያልባል፤ የደረቀው ገጽ ይረጥባል። ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ ያደረ ሥጋ የሚሸተው ከላዩ ነው፤ ሲነኩትም ያሟልጫል። የዚህች ሴት ሥጋ ግን ፌስታል ውስጥ የቆየው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ላዩም ደህና ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የገዢዋ አይደለም።

የሚቀረው አጥንቱ ሥር ያለው ሽታ ነው። ታፋ ከከብቱ ብልቶች ሁሉ ወፍራሙ ነው። በዘመናዊ የማቀዝቀዣ ክፍል እንኳ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሙቀት ሙሉ ለሙሉ እስኪወጣ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። አየር በማይደርስበት በዚያ ሙቅ ቦታ፣ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ የሚያወጡትም ሽታ የኮመጠጠ ነው። በሥጋ ሙያ ውስጥ በደንብ የታወቀ ብልሽት ነው፤ ምልክቱም ላዩ አምሮ ውስጡ መኮምጠጡ ነው። ባለሙያ ቀጭን ሹል ብረት አጥንቱ ድረስ ሰክቶ አውጥቶ በማሽተት ይለየዋል። ገዢ ደግሞ ቆራጩ ሥጋውን ከአጥንቱ እንዲለይለት ጠይቆ እዚያው ሊያሸተው ይችላል።

አሁን ቀኑን እንመልከት፤ ሐሙስ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ረቡዕና ዓርብ አይሸጥም። ሰኞ ሌሊት ታርዶ ማክሰኞ የተሰቀለ ሥጋ ማክሰኞ ካላለቀ ረቡዕን ሙሉ ይጠብቃል። በሙስሊም ሥጋ ቤት ረቡዕም ስለሚሸጥ ይህ ክፍተት የለም። በክርስቲያኑ ቤት ግን ማክሰኞ ማታ የሚተርፈው ሥጋ በየሳምንቱ የሚደጋገም ጣጣ ነው። ሐሙስ ደግሞ ከጾም መልስ ገዢ የሚበዛበት ቀን ነው።

ባለቤቱ ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ደንበኛዋን ራሱ ጠርቶ አነጋገራት። «እህቴ፣ አልዋሽሽም» ነው ያላት። ማክሰኞ ገበያው ቀዝቅዞበት አንድ ሙሉ ታፋ ተርፎት ነበር። እንዳይበላሽ ብሎ ከነአጥንቱ፣ ከሌላ ሥጋ ጋር አጣብቆ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው፤ ሐሙስ ጠዋት አውጥቶ ከአዲሱ ሥጋ ጎን ሰቀለው። ላዩ ቀዝቃዛና ቀይ ስለነበር ችግር አላየበትም። ያሰበው ለበጎ ነበር፤ የቤት ማቀዝቀዣ የሚያህለው ዕቃ ግን ያን ያህል ውፍረት ያለውን ሥጋ እስከ አጥንቱ ማቀዝቀዝ አይችልም። አጣብቀው ሲሞሉት አየሩም አይዘዋወርም። ላዩ ሲበርድ አጥንቱ ሥር ያለው ሙቀት ለረጅም ሰዓት ሳይወጣ ቀረ። ደንበኛዋ ሥጋውን እስክትገዛ ድረስ እርዱ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር።

እዚህ ላይ የሚያስቆጭ ንጽጽር አለ። ከሞጆና ከቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች በአውሮፕላን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው የበግና የፍየል ሥጋ ከእርዱ በኋላ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቶ፣ ሙቀቱ ተለክቶ ነው የሚወጣው። ቅዝቃዜው ከቄራ እስከ ገዢው አገር እንዳይቋረጥ ይጠበቃል። ለቀራንዮ ገበታ የሚመጣው የበሬ ሥጋ ግን ትኩሱን ይመጣል። በዕለቱ ከተሸጠ ልማዳችን ይበቃዋል፤ ካደረ ግን ሥጋው ከልማዱ አቅም በላይ ይሆናል፤ የሚለካውም ሰው የለም።

ሕጉ ከገዢዋ ጎን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሥጋ ግን 15 ቀን የሚጠብቅ ማስረጃ አይደለም፤ ነገ የሚሸት ሥጋ ዛሬ መሽተቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ቅሬታው በዕለቱ ወይም በማግስቱ መቅረብ አለበት። ሥጋውን ከመጣል ይልቅ አንድ ቁራጭ ለብቻው ጠቅልሎ ማቀዝቀዝ፣ ደረሰኙን መያዝ፣ ሰዓቱን መጻፍ ይበጃል። ባለቤቱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የምግብ ደኅንነት ጉዳይ ስለሆነም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመሩ 8482 ጥቆማ ይቀበላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግድ ነው። አንዳንድ ቤት የኮመጠጠ ሥጋ በሎሚና በበርበሬ ታሽቶ ጥብስ ይሆናል። ማብሰል ባክቴሪያውን ሊገድል ይችላል፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ ሥጋው ውስጥ የተወው መርዝ ግን በእሳት አይጠፋም። በተቃራኒው፣ ሽታ የሌለው ሥጋ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለትም አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጣው ሳልሞኔላም ሆነ የኮሶ ትል እጭ ምንም አይሸትም። ቁርጥና ክትፎ በምንወድ በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አፍንጫ የሚነግረን ሥጋው መቆየቱንና መበላሸቱን ነው፤ ከብቱ በሽታ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን የሚመልሰው የቄራው ምርመራ፣ ቀሪውን አደጋ የሚቀንሰውም በደንብ ማብሰል ነው። ማኅተም የሌለው፣ በየጓሮው የታረደ ሥጋ ርካሽ ቢሆንም የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ባለቤቱ ገንዘቧን መለሰላት። የተረፈ ታፋን ከዚህ በኋላ እዚያው ማክሰኞ ማታ ከአጥንቱ ለይቶ፣ በስሱ ቆራርጦ፣ ሳያጣብቅ እንደሚያቀዘቅዝም ነገራት። ይህ ትክክለኛው መድኃኒት ነው፤ ከአጥንቱ የተለየና የሳሳ ሥጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እስከ ውስጡ ይበርዳል። ማክሰኞ የሚያዘውን መጠን መቀነስና የተረፈውን ከአዲሱ ጋር ሳይቀላቅል፣ የማክሰኞ መሆኑን ተናግሮ መሸጥም ከሱ ይጠበቃል።

የደብዳቤዋ የመጨረሻ ጥያቄ ግን በአንድ ሥጋ ቤት ደግነት ብቻ የሚመለስ አይደለም። ሥጋው መቼ ታረደ? ቄራው የእያንዳንዱን እርድ ሌሊት ያውቃል፤ ባለ ሥጋ ቤቱም ያውቃል፤ የማያውቀው የሚበላው ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሥጋ ቤት የታረደበትን ቀን በእጅ ጽፎ በየብልቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ቢገደድ፣ ወጪው የአንድ ካርቶን ቁራጭና የገመድ ዋጋ ነው። የከተማዋ ተቆጣጣሪዎች የጤና ካርድና የመክተፊያውን ንጽሕና ሲያዩ ይህንንም ይዩ። ያ ቀን ተጽፎ እስኪሰቀል ድረስ፣ ገዢው ሥጋው ከመመዘኑ በፊት ይጠይቅ፤ ሐሙስ ከሰዓት የሚገዛ ሰው ደግሞ ቆራጩን አጥንቱ ሥር ያለውን ሥጋ እንዲያሳየው ያድርግ።