ከደመወዝ የተረፈው ለመስክ ጉዞ ይሆናል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። በውጭ ለጋሾች ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶች ሒሳብ ክፍል ውስጥ ለውጡ ወዲያው ታየ። በጀታቸው በዩሮ ወይም በዶላር የተያዘ፣ ደመወዝ የሚከፍሉት ግን በብር በመሆኑ፣ በሪፖርቱ ላይ የደመወዝ መደብ ሳይታሰብ ገንዘብ ይተርፈው ጀመር። በሌላ በኩል የነዳጅና የመኪና ኪራይ ዋጋ ሲንር የጉዞው መደብ ጠበበ። የሥራ አስኪያጆች ጥያቄም አንድ ዓይነት ሆነ፤ ከዚያኛው የተረፈውን ለዚህኛው ብናውለው ምን ችግር አለው?

መልሱ ያለው በውሉ ውስጥ ነው። ለጋሽ ገንዘብ ሲሰጥ የሚያጸድቀው ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ በየትኛው የሥራ ርዕስ ምን ያህል እንደሚውልም አብሮ ያጸድቃል። ሆኖም ጥቂት ገንዘብ በተዛወረ ቁጥር ደብዳቤ መጻፍ ሥራን ስለሚያስር፣ አብዛኞቹ ውሎች ድርጅቱ በራሱ ሥልጣን ሊያዛውር የሚችልበትን ገደብ ያስቀምጣሉ። ገደቡ ከለጋሽ ለጋሽ ይለያያል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ድርጅቶች የሚያውቁትን የአውሮፓ ኅብረት የድጋፍ ውል እንመልከት። በጀቱ በዋና ርዕሶች ይከፈላል፤ የሰው ኃይል፣ ጉዞ፣ ዕቃና መሣሪያ፣ የአካባቢ ቢሮ፣ ሌሎች አገልግሎቶች እያለ ይቀጥላል። በአንድ ዋና ርዕስ ሥር ባሉ ዝርዝሮች መካከል ገንዘብ ማዛወር የመጠን ገደብ የለበትም። ከአንዱ ዋና ርዕስ ወደ ሌላው ሲዛወር ግን ለውጡ ከእያንዳንዱ ርዕስ መነሻ መጠን 25 በመቶ መብለጥ የለበትም። በሁለቱም ሁኔታ ለውጡ የፕሮጀክቱን መሠረታዊ ዓላማ የማይነካ መሆን አለበት። ድርጅቱም ለውጡን ሳይዘገይ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሚቀጥለው ሪፖርት፣ ምክንያቱን ገልጾ በጽሑፍ ያሳውቃል። ከዚህ ካለፈ አስቀድሞ የተፈረመ የውል ማሻሻያ ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «እያንዳንዱ ርዕስ» የሚለው ላይ ነው። ለማሳያ አንድ ፕሮጀክት ለሰው ኃይል 160,000 ዩሮ፣ ለሥልጠናና ለሌሎች አገልግሎቶች 120,000፣ ለጉዞ 16,000 ዩሮ ይዟል እንበል። ከደመወዝ የተረፈው 18,000 ዩሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ 12,000ውን ለሥልጠና፣ 6,000ውን ለመስክ ሥራ ማዋል ይፈልጋል። የሚሰጠው ርዕስ ሲታይ ምንም ችግር የለም፤ 18,000 ዩሮ ከሰው ኃይል መነሻ 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሥልጠናውም የሚጨምረው 10 በመቶ ነው። ጉዞው ላይ ሲደረስ ግን 6,000 ዩሮ የ16,000 ሠላሳ ሰባት ተኩል በመቶ ይሆናል። ለሰጪው ትንሽ የሆነው ገንዘብ ለተቀባዩ ትልቅ ነውና ዝውውሩ ከገደቡ ያልፋል። ጉዞው ያለ ፈቃድ ሊጨምር የሚችለው እስከ 4,000 ዩሮ ብቻ ነው።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ባለፈው ዓመት ከመሣሪያ ግዢ 2,500 ዩሮ ወደ ጉዞ ተዛውሮ ከነበረ ያም ይደመራል። ሃያ አምስት በመቶው የሚለካው ከመጀመሪያው በጀት፣ ወይም በውል ማሻሻያ ከጸደቀው የመጨረሻ በጀት እንጂ ካለፈው ሪፖርት ተነሥቶ አይደለም። ስለዚህ ለጉዞ የቀረው ነጻ መጠን 1,500 ዩሮ ብቻ ነው። በየሩብ ዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያዛወረና የቀድሞውን ያልደመረ የሒሳብ ሠራተኛ ገደቡን ማለፉን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ኦዲተሩ ሲነግረው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በወርኃዊው የበጀትና የወጪ ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ላይ ከመነሻው ጀምሮ የተጠራቀመውን ለውጥ በመቶኛ የሚያሳይ አንድ ዓምድ መጨመር።

ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት 6,000 ዩሮው በትክክል ምን እንደሆነ መፈተሽ ይጠቅማል። በኅብረቱ የተለመደ የበጀት ቅጽ ላይ የመስክ ሠራተኞች የውሎ አበል የሚመዘገበው በጉዞ ሥር ሳይሆን በሰው ኃይል ሥር ነው። እንግዲህ ከተፈለገው ገንዘብ ግማሹ አበል ከሆነ፣ 3,000 ዩሮው ከደመወዝ ወደ አበል ሲሄድ ከዋናው ርዕስ ስላልወጣ የ25 በመቶው ገደብ አይነካውም። የሚቀረው 3,000 ዩሮ የመኪና ኪራይ ነው፤ እሱ ግን ከ1,500ው ነጻ መጠን ስለሚበልጥ የውል ማሻሻያ ይጠይቃል።

ማሻሻያው ሲጠየቅ ደብዳቤው ለውጡ ሥራ ላይ እንዲውል ከሚፈለግበት ቀን 30 ቀን አስቀድሞ መድረስ አለበት። ገንዘቡ ለምን እንደተረፈ፣ ለምን እንደተፈለገና የትኛውን ሥራ እንደሚያግዝ ያስረዳል። ነባሩን፣ የሚዛወረውንና አዲሱን መጠን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰንጠረዥም ይያያዛል። ማሻሻያው ተፈርሞ ጉዞው 21,500 ዩሮ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ 25 በመቶው የሚሰላው ከዚህ አዲስ መነሻ ነው። አንዳንድ መደቦች ግን መጠኑ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በማሳወቅ ብቻ አይነኩም። ላልታሰበ ወጪ የተያዘው መጠባበቂያና በመቶኛ የሚታሰበው ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ደንብ ሌላ መለኪያ ይጠቀማል። በትልልቅ ድጋፎች ላይ ገንዘብ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ በመደቦች መካከል የተዛወረው ገንዘብ ተጠራቅሞ ከጠቅላላው በጀት 10 በመቶ ሲያልፍ፣ ወይም እንደሚያልፍ ሲታወቅ፣ ቅድመ ፈቃድ እንዲጠየቅ ማድረግ ይችላል። እዚህ የሚለካው ከየርዕሱ ሳይሆን ከድምሩ ነው። የድርጅቱ ሠራተኛ ላልሆኑ ሠልጣኞች ለአበልና ለመጓጓዣ የተያዘ ገንዘብ ግን፣ ከ10 በመቶው በታች ቢሆንም፣ ያለ ቅድመ ፈቃድ ወደ ሌላ መደብ አይሄድም። በአንድ ቢሮ ሁለቱንም ድጋፎች የሚያንቀሳቅስ ሰው የአንዱን ደንብ ለሌላው ከተጠቀመ መሳሳቱ አይቀርም።

ለጋሹ ቢፈቅድም የአገሩ ሕግ አለ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ አይችልም። ከሥልጠና ተነሥቶ ለዋና ቢሮ አስተዳደር የሚሄድ ገንዘብ የለጋሹን ገደብ ቢያልፍ እንኳ በዚህኛው ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ዝውውሩ ከመደረጉ በፊት ሁለቱም ሒሳብ መሠራት አለበት።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስመልሰው ግን የጊዜ ስሕተት ነው። ማሻሻያው ከመፈረሙ በፊት ከገደቡ አልፎ የወጣውን ገንዘብ ኦዲተሩ «ተቀባይነት የሌለው ወጪ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ያኔ ድርጅቱ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። የለጋሹ ባለሙያ በስልክ «ችግር የለውም» ማለቱ ፊርማን አይተካም፤ የመልስ መዘግየትም እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሊጠናቀቅ ስድስት ወር ገደማ ሲቀረው የየርዕሱን ቀሪ ገንዘብና እስከ መጨረሻው የሚጠበቀውን ወጪ አሰልቶ፣ የሚያስፈልጉትን ዝውውሮች በአንድ ደብዳቤ መጠየቅ ይበጃል። በመጨረሻው ወር የተላከ ጥያቄ 30 ቀኑ ሳይሞላ የሥራው ዘመን ያበቃል፤ ከደመወዝ የተረፈውም ገንዘብ ሥራ ላይ ሳይውል ወደ ለጋሹ ይመለሳል።