አሥራ ሁለቱ ኩንታል የት ገባ?

ሰኔ 30 ነው፤ የመጋዘኑ በር ተዘግቶ ቆጠራ ተጀምሯል እንበል። የሲሚንቶው ቢን ካርድ 430 ኩንታል ይላል፤ ቆጣሪዎቹ ያገኙት 418 ነው። 12 ጎደለ። ብዙ ቤት ካርዱን 418 ብሎ ያርምና ልዩነቱን በዕቃ ቤት ሠራተኛው ስም ዕዳ ይጽፋል። ችግሩ፣ 12 የሚለው ቁጥር ራሱ የማይታመን መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ሰው፣ የካርዱን ቁጥር ሳያይ፣ እንደገና ይቁጠር። 430ን አስቀድሞ ያየ ሰው 430ን ሲፈልግ ይውላል። አሁንም 418 ከሆነ ሰነድ መገልበጥ ነው።

ከወጪ ሰነዶቹ አንዱ 20 ከረጢት ይላል፤ ካርዱ ላይ ግን 20 ኩንታል ተብሎ ተቀንሷል። ኩንታል ሁለት ከረጢት ስለሆነ መቀነስ የነበረበት 10 ብቻ ነው፤ ካርዱ ወደ 440 ይመለሳል። ሌላ ሰነድ ደግሞ በቆጠራው ዋዜማ ማታ 15 ኩንታል መውጣቱን ያሳያል፤ ካርዱ ላይ አልሰፈረም። ትክክለኛው ቀሪ 425 ሆነ። ከጓሮ ግድግዳ ሥር፣ ዝናብ ያገኛቸውና ድንጋይ የሆኑ 5 ኩንታል ሳይቆጠሩ ቀርተዋል፤ ቆጠራውም 423 ሆነ። እውነተኛው ጉድለት 2 ኩንታል ነው።

ሁለቱ የአመዘጋገብ ስህተቶች ሰነዳቸው ተጠቅሶ ይታረማሉ እንጂ አይሰረዙም። የስረዛ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው የደረቁት 5ና ምክንያታቸው ያልታወቀው 2 ናቸው፤ በየራሳቸው ቃለ ጉባኤ። በሌላ ዕቃ ላይ የተገኘ ትርፍ እነዚህን እንዲያካክስ አይፈቀድ። እኔ እንዲያውም ከጉድለት ይልቅ ትርፍ ያሳስበኛል፤ አንድ ደንበኛ ጎድሎበት ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ዕቃ ቤት ሠራተኛው ማብራሪያ ይጽፋል፣ ቆጣሪው ውጤቱን ይፈርማል፤ ሁለቱም ግን ስረዛ አያጸድቁም። እስከ ተወሰነ ብር ድረስ የፋይናንስ ኃላፊው፣ ከዚያ በላይ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል። ጣሪያው የዓመቱን ድምር የሚይዝ ካልሆነ፣ ትልቁን ጉድለት በየወሩ ቆራርጦ ማሳለፍ ቀላል ነው።

ሠራተኛው ይክፈል ከተባለም ደመወዝ እንደ ልብ አይቆረጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም።

አጽዳቂው ከመፈረሙ በፊት ጓሮ ድረስ ሄዶ እነዚያን 5 ኩንታል ይያቸው፤ ከፈረመ በኋላም በፊቱ ከግቢ ይውጡ። ከቀሩ በሚቀጥለው ሰኔ ያው ድንጋይ እንደገና «የተበላሸ ሲሚንቶ» ተብሎ ለሁለተኛ ጊዜ ይሰረዛል።